አንድ መልክ፣ ሁለት ጠባይ

1N5408 እና 1N5822 የተባሉትን ዳዮዶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው፣ አካላቸው ላይ የተጻፈውን ካላነበበ በቀር አይለያቸውም። ሁለቱም አንድ ሴንቲሜትር የማይሞላ ጥቁር ድብልብል አካል አላቸው። ሁለቱም በአንዱ ጫፍ ነጭ ቀለበት፣ ግራና ቀኝ ደግሞ ወፈር ያለ እግር አላቸው። ሁለቱም 3 አምፔር ከረንት ያሳልፋሉ። በወረቀት ላይ ከታየ እንዲያውም የመጀመሪያው ይበልጣል፤ እሱ 1000 ቮልት ሲችል 1N5822 የሚችለው 40 ቮልት ብቻ ነው። እንግዲህ የተበላሸ የስልክ ቻርጀር ከፍቶ የተቃጠለ 1N5822 ያገኘ፣ መሳቢያው ውስጥ ግን ያለው 1N5408 ብቻ የሆነ ጠጋኝ «ይኼማ ይሻላል» ብሎ ቢተካው የሚገርም አይደለም።

ቻርጀሩም ይሠራል። ቴስተር ሲገባበት 5 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ደንበኛውም ከፍሎ ይሄዳል። ጣጣው የሚጀምረው ስልክ ሲሰካበት ነው። ዳዮዱ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ስልኩ በዝግታ ይሞላል ወይም መሙላት ጀምሮ ያቋርጣል። ጥቂት ሰንብቶ ደግሞ ቻርጀሩ ጨርሶ ይሞታል። 1000 ቮልት የሚችለው ዳዮድ፣ 40 ቮልት ብቻ የሚችለው ይሠራበት በነበረው ቦታ ላይ ያልበረከተው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው በሁለቱ አካል ውስጥ ነው።

ሲሊከን ከሲሊከን፣ ሲሊከን ከብረት

ዳዮድ ከረንትን በአንድ አቅጣጫ አሳልፎ በሌላው የሚከለክል ዕቃ ነው። 1N5408 ፒኤን ከሚባለው ወገን ነው። ውስጡ ያለው አንድ ስስ የሲሊከን ቁራጭ ሲሆን ግማሹ ፒ፣ ግማሹ ኤን ተደርጎ ተሠርቷል። የኤን ወገን እንደ ፎስፈረስ ያለ ባዕድ ነገር በጥቂቱ ስለተጨመረበት ትርፍ ኤሌክትሮኖች አሉት። የፒ ወገን ደግሞ እንደ ቦሮን ያለ ነገር ስለተጨመረበት ኤሌክትሮን የጎደለባቸው ቦታዎች ይበዙበታል። እነዚህ ባዶ ቦታዎች ሆል ይባላሉ፤ በሲሊከኑ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ጠባያቸው ልክ እንደ ፖዘቲቭ ቻርጅ ነው። ሁለቱ ወገኖች በሚገናኙበት ድንበር ላይ ኤሌክትሮኖች እንዳሻቸው እንዳያልፉ የሚያግድ የኤሌክትሪክ ግድግዳ ይፈጠራል። ዳዮዱን ዳዮድ የሚያሰኘው ይህ ግድግዳ ነው።

1N5822 የፒ ወገን የለውም። በዚያ ቦታ በኤን ሲሊከኑ ላይ በቀጥታ የተለበጠ ብረት አለ፤ ሞሊብደነም፣ ክሮምየም ወይም ሌላ፣ እንደ አምራቹ ምርጫ። ብረትና ሴሚኮንዳክተር ሲነካኩም ድንበራቸው ላይ ግድግዳ ይቆማል። ይህ ለምን እንደሚሆን በ1938 እ.ኤ.አ. በንድፈ ሐሳብ ያብራራው በሲመንስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ዋልተር ሾትኪ ስለሆነ ዳዮዱ ሾትኪ ዳዮድ ተባለ።

በጥገና ቤቶች ሾትኪ «አዲሱ» ዳዮድ፣ ፒኤን «የድሮው» ተደርጎ ይወራል። በታሪክ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ፈርዲናንድ ብራውን የብረት ሽቦ ጫፍ እንደ ጋሌና ያለ ማዕድን ሲነካ ከረንቱ በአንድ አቅጣጫ ቀሎት በሌላው እንደሚከብደው ያስተዋለው በ1874 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያዎቹ ሬዲዮዎች ጣቢያ የሚይዙት በዚሁ በማዕድኑና በቀጭኗ ሽቦ ነበር። ራስል ኦል በአሜሪካው የቤል ላቦራቶሪ በሲሊከን ውስጥ የፒኤን ድንበር ያገኘው ከዚያ ስድሳ ስድስት ዓመት ቆይቶ በ1940 ነው።

የሚቀረው ቮልቴጅ

ከረንት በዳዮድ ውስጥ ሲያልፍ ጥቂት ቮልቴጅ እዚያው ይቀራል። ይህ የቀረው ቮልቴጅ በሚያልፈው ከረንት ሲባዛ ዳዮዱ ላይ ሙቀት ሆኖ የሚባክነውን ዋት ይሰጣል። የሲሊከን ፒኤን ዳዮድ በትንሽ ከረንት ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት ያስቀራል፤ 1N5408 ላይ 3 አምፔር ሲያልፍ 1 ቮልት ገደማ ይደርሳል። 1N5822 በዚያው 3 አምፔር የሚያስቀረው፣ አምራቹ ባስቀመጠው ጣሪያ መሠረት፣ ከ0.525 ቮልት አይበልጥም።

ግማሽ ቮልት ምን ያደርጋል የሚባለው ቮልቴጁ ትልቅ በሆነበት ቦታ ነው። ከ300 ቮልት ላይ አንድ ቮልት ቢቀር ማንም ልብ አይለውም። ከ5 ቮልት ላይ አንድ ቮልት ከቀረ ግን ለስልኩ ለሚደርሰው ለእያንዳንዱ አምስት ዋት አንድ ዋት በዳዮዱ ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል ማለት ነው። ሾትኪ ዳዮድ ዝቅተኛ ቮልቴጅና ትልቅ ከረንት በተገናኙበት ቦታ ሁሉ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከግድግዳው ከፍታ ነው። በብረትና በሲሊከን መካከል የሚቆመው ግድግዳ የሚያስከትለው እገዳ በብረቱ ዓይነትና በአሠራሩ ሊወሰን ይችላል፤ ከፒኤኑ ዝቅ እንዲል ተደርጎ ይሠራል። ዝቅ ያለውን ለመሻገር ትንሽ ግፊት ይበቃል፤ ስለዚህ ያንኑ ከረንት ለማሳለፍ የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ያንሳል።

ነገር ግን ዝቅ ያለ ግድግዳ በተከለከለውም አቅጣጫ ዝቅ ያለ ነው። ቮልቴጁ ተገልብጦ ዳዮዱ መከልከል ሲኖርበት፣ ከሙቀት ባገኙት ጉልበት ግድግዳውን የሚዘሉ ኤሌክትሮኖች አይጠፉም። 1N5408 በክፍል ሙቀት 1000 ቮልት ተገልብጦ ቢሰጠው የሚያፈተልክበት ጥቂት ማይክሮአምፔር ነው። 1N5822 ግን በ40 ቮልት ብቻ እስከ 2 ሚሊአምፔር ሊያፈተልክ ይችላል፤ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲደርስ ደግሞ እስከ 20 ሚሊአምፔር። በግምት ሲሰላ፣ በማለፊያው በኩል በየ0.06 ቮልቱ ለተገኘው ትርፍ በመከልከያው በኩል የሚያፈተልከው ከረንት አሥር እጥፍ ያድጋል። የ0.3 ቮልት ትርፍ የፈለገ ሰው መቶ ሺህ እጥፍ ማፈትለክን አብሮ ይረከባል። አንዱን ለይቶ የሚሸጥ ፋብሪካ የለም፤ ሁለቱም የሚወጡት ከአንዱ ከግድግዳው ከፍታ ስለሆነ።

ሌላም ገደብ አለ። 1N5820፣ 1N5821 እና 1N5822 ወንድማማች ዳዮዶች ናቸው። የመጀመሪያው 20፣ ሁለተኛው 30፣ ሦስተኛው 40 ቮልት ይችላሉ። በ3 አምፔር የሚያስቀሩት ደግሞ በቅደም ተከተል 0.475፣ 0.5 እና 0.525 ቮልት ነው። ብዙ ቮልት እንዲችል የሚፈለግ ዳዮድ ከብረቱ ሥር ያለው የሲሊከን ንብርብር እንዲወፍርና ባዕድ ነገሩም እንዲቀንስ ይደረጋል፤ ይህም ለከረንቱ መንገዱን ያከብድበታል። ከ100 እስከ 200 ቮልት ሲደረስ የሲሊከን ሾትኪ ትርፉ ሁሉ ተበልቶ ስለሚያልቅ ከዚያ በላይ የሚሠራው ጥቂት ነው።

የመዘጋት ፍጥነት

በፒኤን ዳዮድ ውስጥ ከረንት ሲያልፍ ሆሎች ወደ ኤን ወገን፣ ኤሌክትሮኖችም ወደ ፒ ወገን በብዛት ይገባሉ። በማያውቁት ወገን ውስጥ ሆነውም ከመጥፋታቸው በፊት ለጥቂት ጊዜ ይቆያሉ። ቮልቴጁ በድንገት ሲገለበጥ ዳዮዱ ወዲያው መዝጋት አይችልም። ስብሰባው የተበተነበትን አዳራሽ ዘበኛው በሰዓቱ ልዝጋ ቢልም፣ ውስጥ ያለው ሰው ወጥቶ እስኪያልቅ በሩ እንደማይዘጋው ማለት ነው። በዚያች ቅጽበት ዳዮዱ በተከለከለው አቅጣጫ ልክ እንደ ሽቦ ከረንት ያሳልፋል። ለዚህ የሚፈጀው ጊዜ የማገገሚያ ጊዜ ይባላል፤ እንደ 1N4007 እና 1N5408 ባሉ ተራ ፒኤን ዳዮዶች ጥቂት ማይክሮሰከንድ ነው።

ሾትኪ ውስጥ የሚከማች እንግዳ የለም። ከረንቱን የሚሸከሙት ኤሌክትሮኖች ብቻ ናቸው። ግድግዳውን ተሻግረው ብረቱ ውስጥ ሲገቡ ቁጥር ስፍር ከሌላቸው የብረቱ ኤሌክትሮኖች ጋር ይቀላቀላሉ፤ ተመልሰው እንዲወጡ የሚጠበቅ ምንም የለም። ቮልቴጁ ሲገለበጥ የሚታየው ትንሽ ከረንት ዳዮዱ እንደ ማንኛውም ሁለት ፊት ለፊት የተቀመጠ ዕቃ ካለው የካፓሲተርነት ጠባይ የሚመጣ ብቻ ነው።

ሁለት ማይክሮሰከንድ ረጅም ነው ወይስ አጭር? በኢትዮጵያ የመስመር ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ስለዚህ ግማሽ ዙሩ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ሁለት ማይክሮሰከንድ ከዚያ አምስት ሺህኛው ነው፤ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ስልክ ቻርጀር ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ግን የሚሠራው፣ ለምሳሌ፣ በ65 ኪሎኸርዝ ነው። አንዱ ዙር 15 ማይክሮሰከንድ ያህል ብቻ ነው። እዚያ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ማይክሮሰከንድ ማርፈድ ከሥራ ሰዓቱ ስምንተኛውን ወይም አምስተኛውን ያህል ማባከን ነው።

አንድ ቻርጀር፣ ሁለቱም ዳዮዶች

ተራውን 5 ቮልት፣ 2 አምፔር ቻርጀር እንክፈት። የመስመሩ 220 ቮልት የሚገባበት አፍ ላይ አራት ትንንሽ ዳዮዶች አሉ፤ አንዳንድ ጊዜም አራቱ በአንድ ጥቁር አካል ታሽገው ይገኛሉ። ብዙውን ጊዜ 1N4007 ወይም ወንድሙ፣ ማለትም ፒኤን ናቸው። ከነሱ ቀጥሎ በትልቅ ካፓሲተር ላይ 311 ቮልት ያህል ይከማቻል። ይህን የሚያክል ቮልቴጅ በ40 ቮልት ሾትኪ ላይ ቢያርፍ ዳዮዱ ወዲያው ይፈነዳል። በዚህ ቦታ ፍጥነትም አያስፈልግም፤ ከ311 ቮልት ላይ ሁለት ቮልት ቢቀርም ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ፒኤኑ እዚህ ቦታው ነው፣ ዋጋውም ርካሽ ነው።

ከትራንስፎርመሩ ማዶ ያለው ሌላ ዓለም ነው። ትራንስፎርመሩ ከመጀመሪያው ጥቅልል ወደ ሁለተኛው አሥራ አምስት ለአንድ የሚቀንስ ነው እንበል። ዳዮዱ በሚከለክልበት ጊዜ የሚሸከመው ቮልቴጅ 311 ለ15 ሲካፈል የሚገኘው 21 ቮልት ያህልና የውጤቱ 5 ቮልት ሲደመር 26 ቮልት ገደማ ይሆናል። ላዩ ላይ በየዙሩ የሚነሳው ሹል ቮልቴጅ ስላለ 40 ቮልት የሚችል ዳዮድ ይበቃል፤ ጠንቃቃ መሐንዲስ ደግሞ 60 ቮልት የሚችለውን ያስገባል። 1000 ቮልት የመቻል አቅም እዚህ ምንም ሥራ የለውም። የሚፈለገው ትንሽ ማስቀረትና ቶሎ መዝጋት ነው።

አሁን በዚህ ቦታ 1N5408 ገባ እንበል። 2 አምፔር ሲወጣ ሾትኪው ላይ ይባክን የነበረው በግምት 1 ዋት ነበር። ፒኤኑ ላይ 2 ዋት ይሆናል። እውነቱ እንዲያውም ከዚህ ይብሳል፤ ዳዮዱ የሚያሳልፈው በዙሩ ከፊል ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ በሚያሳልፍበት ሰዓት በውስጡ ያለው ከረንት ከ2 አምፔር በላይ ነው፤ የሚያስቀረውም ቮልቴጅ አብሮ ይጨምራል። ይህ ሁሉ ሙቀት የታመቀው አየር በማይገባበት የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከጎኑ ያለው ካፓሲተር ደግሞ ሙቀት በጣም የሚጎዳው ዕቃ ነው። ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚሞተው ዳዮዱ ሳይሆን ይህ ካፓሲተር ነው፤ ጭንቅላቱ ያብጣል።

ቮልቴጁም ይወርዳል። ርካሽ ቻርጀሮች ውጤታቸውን የሚቆጣጠሩት በውጤቱ በኩል ቀጥታ በመለካት ሳይሆን ትራንስፎርመሩ ላይ ባለ ተጨማሪ ጥቅልል በኩል በመገመት ነው። ግምቱ ሲሠራ ዳዮዱ ግማሽ ቮልት ያህል እንደሚያስቀር ታስቧል። በቦታው 1 ቮልት የሚያስቀር ሲገባ ልዩነቱ ከውጤቱ ላይ ይቀነሳል፤ በጭነት ጊዜ 5 ቮልት የነበረው 4.5 አካባቢ ይሆናል። ስልኩ ይህን ሲያይ የሚወስደውን ከረንት ይቀንሳል ወይም መሙላቱን ያቆማል። ምንም ሳይሰካበት ቴስተር ሲለካው 5 ቮልት ገደማ ማሳየቱ ጠጋኙን የሚያታልለውም በዚህ ነው፤ ከረንት የሌለበት ዳዮድ ብዙ አያስቀርም።

ሦስተኛው ጉዳት ከማርፈዱ የሚመጣው ነው። በየዙሩ ዳዮዱ እስኪዘጋ ድረስ ከውጤቱ ካፓሲተር ወደ ትራንስፎርመሩ ተመልሶ የሚፈስ ከረንት አለ። በሰከንድ 65 ሺህ ጊዜ የሚደጋገም ብክነት ነው፤ ዳዮዱን ተጨማሪ ያሞቀዋል፣ በመጀመሪያው ጥቅልል በኩል ያለውን ትራንዚስተርም በሹል ከረንት ያስጨንቀዋል። ቻርጀሩ በጭነት ጊዜ ጢክ ጢክ እያለ ራሱን ሲያጠፋና ሲያበራ የሚሰማው፣ መቆጣጠሪያው ይህን ከልክ ያለፈ ከረንት አይቶ ሲያቋርጥ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ቻርጀር ተጠግኖ ሲያልቅ መለካት ያለበት በጭነት ነው። 5 ኦም፣ 10 ዋት የሆነ ሬዚስተር በውጤቱ ላይ ቢታሰር 1 አምፔር ይወስዳል። ሬዚስተሩ ራሱ 5 ዋት ስለሚያቃጥል በባዶ እጅ አይያዝ። የቻርጀሩ ክዳን ተከፍቶ መስመር ላይ ከተሰካ ደግሞ በግቤቱ በኩል ያለው 300 ቮልት ሰው ይገድላል፤ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሩ ላይ የተረፈው ይነዝራል። ስለዚህ ክዳኑ ተገጥሞ ይለካ።

በቴስተር መለየት

ጽሑፉ የጠፋ ዳዮድ ሲገኝ ቴስተሩን ዳዮድ መለኪያው ላይ አድርጎ ቀዩን ቀለበት በሌለበት፣ ጥቁሩን ቀለበቱ ባለበት እግር ማስነካት ነው። መለኪያው የሚልከው ከረንት ትንሽ ስለሆነ ፒኤን ዳዮድ ብዙውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 0.7 ቮልት፣ ሾትኪ ደግሞ ከ0.15 እስከ 0.3 ቮልት ያሳያል። ሲገለበጥ ሁለቱም መክፈቻ ምልክቱን ያሳያሉ። ከሰሌዳው ሳይነቀል የሚለካ ዳዮድ ግን ያሳስታል፤ ቢያንስ አንዱ እግር መላቀቅ አለበት።

እዚህ ላይ በተግባር የሚታይ አንድ ስሕተት አለ። ጠጋኙ ሾትኪውን ገልብጦ በትልቁ የኦም መለኪያ ሲለካው ጥቂት መቶ ኪሎኦም ያነብና «ያፈሳል» ብሎ ይጥለዋል። ፒኤን ዳዮድ ቢሆን ፍርዱ ልክ ነበር። ሾትኪ ግን ጤነኛ ሆኖም ያፈተልካል፤ ተፈጥሮው ነው። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ቴስተሩን ገልብጦ እንዳሰረው የጋለውን የመበየጃ ጫፍ ወደ ዳዮዱ እግር ያስጠጋ። አካሉ እየሞቀ ሲሄድ ንባቡ እየወረደ ይሄዳል፤ ሲቀዘቅዝ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የተበላሸ ሾትኪ ግን ብዙውን ጊዜ በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ አካባቢ ያነባል።

ምትክ ሲፈለግ ያው 1N5822 ከጠፋ እንደ SB540 ወይም SB560 ያለ ሾትኪ ይገባል፤ ሁለቱም 5 አምፔር፣ የመጀመሪያው 40፣ ሁለተኛው 60 ቮልት ይችላሉ። «ፈጣን» የሚባለው ፒኤን ዳዮድ መፍትሔ ይመስላል፤ ለምሳሌ UF5408 በ75 ናኖሰከንድ ይዘጋል። ነገር ግን ፈጣን የሆነው የተከማቹት እንግዶች ቶሎ እንዲጠፉ ተደርጎ በመሠራቱ ሲሆን፣ ይህም ዋጋ ያስከፍላል። በ3 አምፔር እስከ 1.7 ቮልት ያስቀራል፤ በ5 ቮልት ቻርጀር ላይ ከ1N5408 በባሰ ይግላል።

ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ

ማፈትለኩ ከመረበሽ አልፎ የሚያቃጥልበት ቦታ ቢፈለግ የሶላር ፓነል ጀርባ ነው። ስድሳ ሴል ያለው ፓነል በሦስት ረድፍ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ሃያ ሴል ጀርባው ላይ ባለችው ጥቁር ሳጥን ውስጥ አንድ ዳዮድ ተጎዳኝቶለታል። ፀሐይ ሙሉ ስትሆን ዳዮዱ ዝም ብሎ ይከለክላል። ቅጠል ወይም የጭስ ማውጫ ጥላ አንዱን ረድፍ ሲሸፍነው ግን ከረንቱ ጥላ ያለባቸውን ሴሎች ጥሶ እንዳያቃጥላቸው ዳዮዱ በጎን በኩል ያሳልፈዋል።

ከረንቱ 9 አምፔር ቢሆን ሾትኪ ላይ ወደ 4 ዋት፣ ፒኤን ላይ ወደ 8 ዋት ይባክናል። መውጫ በሌላት ሳጥን ውስጥ 8 ዋት ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሾትኪ ይመረጣል። አደጋው የሚመጣው ጥላው በድንገት ሲነሳ ነው። ዳዮዱ እንደጋለ ሃያው ሴል የሚያወጣው ከ10 እስከ 12 ቮልት ተገልብጦ ያርፍበታል። በጋለ ሾትኪ ላይ የሚያፈተልከው ከረንት ብዙ ነው፤ ያ ከረንት በቮልቴጁ ተባዝቶ ያሞቀዋል፤ ሲሞቅ ማፈትለኩ ይብሳል። ሳጥኗ ሙቀቱን ማስወጣት ካልቻለች ዳዮዱ በራሱ ሙቀት ያልቅና ዘላቂ ሾርት ይሆናል።

ይህ የደረሰበትን ፓነል ማወቅ ቀላል ነው። ጥላ በሌለበት ፀሐይ ላይ ምንም ሳይታሰርበት ቮልቴጁ ይለካ። ጤነኛው 36 ቮልት ገደማ በሚያሳይበት 24 አካባቢ ካሳየ ሲሶው የለም፤ አንዱ ረድፍ በሞተው ዳዮድ ታስሯል።

ልማዱ የሚገለበጥበት ቦታ

ሾትኪ ትንሽ ቮልት ያስቀራል የሚለው ለሲሊከን ነው። ሲሊከኑ በሲሊከን ካርባይድ ሲተካ 650 እና 1200 ቮልት የሚችል ሾትኪ ይሠራል፤ ኢንፊንዮን የተባለው ኩባንያ በ2001 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ አውሎታል። ይህ ዳዮድ 1.5 ቮልት ያህል ያስቀራል፤ ከተራው ፒኤን ሲሊከን ይበልጣል። የሚመረጠው ለፍጥነቱ ብቻ ነው። 400 ቮልት በሚደርስበት፣ በሰከንድ ብዙ አሥር ሺህ ጊዜ በሚከፈትና በሚዘጋበት ቦታ፣ እንደ ኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀርና እንደ ሶላር ኢንቨርተር ባለ ዕቃ ውስጥ፣ ማርፈድ ከሚያባክነው ጋር ሲነጻጸር የቮልቱ ልዩነት ትንሽ ነው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ከረንቱ ከቁጥር የማይገባ፣ ፍጥነቱ ግን በቢሊዮን የሚቆጠርበት ሥራ አለ። ማይክሮዌቭ ሞገድ ተቀብለው የሚያጣሩ ዕቃዎች ውስጥ ጤፍ የምታክል ሾትኪ ትገኛለች። የብራውን ሽቦና ማዕድን ይሠሩት የነበረውን ሥራ አሁንም የምትሠራው እሷ ናት።

በቅርብ ዓመታት የወጡ ፈጣን ቻርጀሮችን የከፈተ ሰው ግን በውጤቱ በኩል 1N5822ም SB560ም ላያገኝ ይችላል። በቦታው ስምንት እግር ያለው ጠፍጣፋ ዕቃ አለ፤ ሞስፌት ነው። መቆጣጠሪያ እየከፈተና እየዘጋው እንደ ዳዮድ ያሠራዋል። ሲከፈት የሚቀረው ተቃውሞ 10 ሚሊኦም ቢሆን 3 አምፔር የሚያስቀርበት 0.03 ቮልት ብቻ ነው፤ ሾትኪ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ጠጋኙ ልብ ማለት ያለበት ሞስፌቱ ውስጥ ከአሠራሩ የተነሳ ሳይፈለግ አብሮ የተፈጠረ አንድ ፒኤን ዳዮድ መኖሩን ነው። መቆጣጠሪያው ሲሞት ሞስፌቱ አይከፈትም፤ ከረንቱ ግን በዚህ ፒኤን በኩል ማለፉን ይቀጥላል። ቻርጀሩ ያለ ጭነት 5 ቮልት ገደማ ያሳያል፣ በጭነት ይወርዳል፣ ዕቃው ይግላል፤ የ1N5408 ምልክት ሁሉ ይታያል፣ ሰሌዳው ላይ ግን አንድም 1N5408 የለም።